ቋሚ፣ ማገር፣ ሽቦ፦ ለ500 ካሬ አጥር ምኑን ከምኑ እንምረጥ?

እህቴ ዱከም አካባቢ 500 ካሬ ቦታ አላት። 20 በ25 ነው። ቤት እስክትሠራ ድረስ በሽቦ እንጠረው ተባባልን። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ሒሳቡን ስልኬ ላይ ሠራሁት። ዙሪያው 90 ሜትር፣ በየ2 ሜትር ከ50 አንድ ቋሚ፣ 90 ለ2.5 ሲካፈል 36። ሠላሳ ስድስት አንድ ዓይነት ቋሚ አስቆርጬ፣ ሽቦውን አስጭኜ፣ በአራት ቀን ተተክሎ አለቀ። ፎቶ ሁሉ ተነሥተንበታል።

ክረምቱ ሲወጣ ሄጄ ሳየው መሀል ያሉት ቋሚዎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። አራቱ ማዕዘኖች ግን ወደ ግቢው ውስጥ ጎንበስ ብለዋል፣ አንዱማ ከጫፉ ከስንዝር በላይ ሄዷል። ሽቦው ላልቶ ሆዱ ተነፍቷል። በሩ መሬት እየጫረ ነው የሚከፈተው፣ ዘበኛው ከሥሩ ቆፍሮ መንገድ አበጅቶለታል።

የሚገርመው ቁጥሩ ልክ ነበር። በትክክል ሲቆጠርም 36 ነው የሚመጣው። የተሳሳትኩት ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጌ መግዛቴ ላይ ነው። ስለዚህ ይቺ ጽሑፍ ከአጠቃላይ የዕቃ ዝርዝር ይልቅ ምኑ ላይ ገንዘብ ማውጣት እንዳለባችሁና ምኑ ላይ መቆጠብ እንደምትችሉ ነው የምታነጻጽረው። ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ ብጽፍ በሚቀጥለው ሳምንት ውሸታም ያደርገኛል። በቁጥርና በኪሎ እንነጋገር።

መጀመሪያ ቆጠራው

ቦታውን በየጎኑ ለዩት እንጂ ዙሪያውን በአንድ ላይ አታካፍሉ። የእህቴ ቦታ ፊት ለፊቱ 20 ሜትር ነው። ከዚያ ውስጥ 4 ሜትር የመኪና በር፣ 1 ሜትር ደግሞ የሰው መግቢያ አለ። በሮቹ ጎን ለጎን ናቸው፣ መሀላቸው ያለውን ቋሚ ይጋራሉ። ስለዚህ የበር ቋሚ 3፣ የማዕዘን 4፣ በድምሩ 7 ከባድ ቋሚ።

የቀረው ተራ ቋሚ ነው። ሁለቱ 25 ሜትር ጎኖች በ2.5 ሲከፈሉ አሥር አሥር ክፍተት ይሆናሉ፣ በመሀላቸው ዘጠኝ ዘጠኝ ቋሚ ይገባል፣ 18። የጀርባው 20 ሜትር 7 ይወስዳል። ከፊት ለፊቱ ከበሮቹ የተረፈው 15 ሜትር ነው፣ በግራ 10፣ በቀኝ 5፣ ለዚያ 3 እና 1። ድምሩ 29 ተራ ቋሚ። ከ7ቱ ጋር 36።

«በየ3 ሜትር ብናደርገውስ?» የሚል ይኖራል፣ እኔም ብዬ ነበር። ሥሩት። 25 ሜትር በ3 እኩል ስለማይካፈል ዘጠኝ ክፍተት ማድረግ ግድ ነው፣ 20ው ደግሞ ሰባት። ተራ ቋሚው ከ29 ወደ 26 ይወርዳል። ሦስት ቋሚ ለማትረፍ ብላችሁ አጥሩን በሙሉ ታላላላችሁ። ለዚህ ስፋት ቦታ 2.5 ይሻላል። ረጅም የእርሻ አጥር ቢሆን ሌላ ነገር ነው፣ እዚያ ልዩነቱ ይጠራቀማል።

ከመቁጠራችሁ በፊት ግን ችካሉን አረጋግጡ። በካርታው ላይ ያለው ልክና መሬት ላይ ያለው ሁልጊዜ አይገናኙም። ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሜትር ለኩ፦ 20 በ25 ከሆነ ሁለቱም ሰያፍ 32 ሜትር ከ2 ሳንቲም መምጣት አለባቸው። አንዱ ረዝሞ ሌላው ካጠረ ቦታው ዘምሟል ወይም ችካል ተነቅሎ ተተክሏል፣ ቀያሽ ጥሩ። የቋሚውንም ጉድጓድ መስመሩ ላይ አታድርጉት፣ ወደ ራሳችሁ ግቢ አስገቡት። የማዕዘን ጉድጓድ 40 ሳንቲም ስፋት ካለው መሀሉ ቢያንስ 20 ሳንቲም ወደ ውስጥ ይሁን። ኮንክሪቱ ጎረቤት መሬት ውስጥ ከገባ በኋላ የሚመጣውን ጣጣ ታውቁታላችሁ። የአጥር ፈቃድም ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ፣ ከፈቃድ በፊት ብረት አትግዙ።

ማዕዘኑ ለምን ይወድቃል

ተራ ቋሚ ሕይወቱ ቀላል ነው። ሽቦው ከግራም ከቀኝም እኩል ይስበዋል፣ ስለዚህ ሁለቱ ይጣፋሉ፣ እሱ ሽቦውን ቀጥ አድርጎ ከመያዝ ሌላ ብዙ ሥራ የለውም። የማዕዘን ቋሚ ግን በሁለት ጎን ይሳባል፣ ሁለቱም ወደ ግቢው በኩል ናቸው። ከወዲያ የሚይዘው የለም። ጥሩ አድርጋችሁ ሽቦ በወጠራችሁ ቁጥር እሱን እየጣላችሁት ነው። በሌላ አነጋገር ማዕዘኑ ደካማ ከሆነ ሽቦውን መወጠር አትችሉም፣ ካልወጠራችሁ ደግሞ ጥሩ ሽቦ መግዛታችሁ ትርጉም የለውም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው፣ ጥልቀትና ድጋፍ። ድጋፍ የምለው በአጥሩ መስመር ላይ በሰያፍ የሚቆም ብረት ነው፣ አንድ ጫፉ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ቋሚው ላይ ይበየዳል፣ ሌላው ጫፍ ከቋሚው አንድ ሜትር ያህል ርቆ መሬት ውስጥ ኮንክሪት ይገባል። ለእያንዳንዱ ማዕዘን ሁለት ያስፈልጋል፣ በየጎኑ አንድ። አጥሩ የሚጀምርባቸው ሁለቱ የበር ቋሚዎች ደግሞ አንድ አንድ። ድምሩ 10 ድጋፍ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቅጣጫው ላይ ነው። ድጋፉን ከውጭ በኩል፣ መንገዱ ላይ ያቆሙታል። ቋሚው የሚወድቀው ወደ ውስጥ ነው እኮ! ከውጭ ያለው ድጋፍ የሚገፋው ነገር የለም፣ ምስማሩ ወይም ብየዳው እስኪላቀቅ ድረስ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ድጋፍ ቋሚው ሊወድቅ በሚሄድበት በኩል ነው የሚቆመው።

ባህር ዛፍ፣ አንግል፣ ቱቦላሬ ወይስ ኮንክሪት?

ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፣ በየትም ይገኛል፣ ማንም ይተክለዋል። ችግሩ አንድ ቦታ ላይ ነው፣ መሬቱ ገጽ ላይ። ከላይ ያለው ይደርቃል፣ ከታች ያለው አየር አያገኝም፣ መሀል ያለው አንድ ስንዝር ግን ሲረጥብ ሲደርቅ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ካለም ቀድሞ እዚያው ይገባል። እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ ከተተከለ ደግሞ ይባስ ብሎ ይጣመማል። ሥሩን በእሳት ለብለብ አድርጎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም ሬንጅ መቀባት ዕድሜ ይጨምርለታል፣ ግን ቀለሙ ከመሬት በላይ 20 ሳንቲም ያህል መውጣት አለበት። አብዛኛው ሰው የሚቀበረውን ብቻ ቀብቶ ዋናውን ቦታ ይተወዋል። አንድ ነገር ደግሞ አታድርጉ፦ እንጨትን በኮንክሪት አትድፈኑ። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮሰምናል፣ በዙሪያው ክፍተት ይፈጠራል፣ ዝናብ እዚያ ገብቶ እንደ ብርጭቆ ይይዘዋል። እንጨት በጠጠርና በአፈር እየተጠቀጠቀ ነው የሚተከለው።

አንግል አይረን 40 በ40፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ፣ ለተራ ቋሚ የምወደው እሱን ነው። ሽቦ ማሳለፊያ በቀላሉ ይበሳል፣ ውሃ አይቋጥርም፣ አንድ የ6 ሜትር ቤርጋ 14 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ሱቅ ውስጥ 3 ሚሊውን «ያው ነው» ብለው ይሰጧችኋል። ሚዛን ላይ ስታወጡት 11 ኪሎ ገደማ ከሆነ ያው አይደለም።

ቱቦላሬ፣ ማለት አር ኤች ኤስ፣ ሲያዩት ይበልጥ ያምራል፣ ለመጠምዘዝም ከአንግል ይበረታል። ግን በብዛት የሚሸጠው ግድግዳው 1.5 ሚሊ የሆነው ነው። ያ ማለት መሬቱ ጋ ከውጭ ዝገት፣ ከውስጥ ዝገት፣ መሀል ላይ 1.5 ሚሊ ብረት። አናቱ ክፍት ከሆነማ ዝናቡ በቀጥታ ይገባል። ቱቦላሬ ከገዛችሁ አናቱን በላሜራ አስበይዱ፣ መሬቱ ገጽ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ሁለት ጊዜ አንቲረስት፣ ከዚያ ሬንጅ። ለማዕዘንና ለበር 60 በ60 ሆኖ ከ2 ሚሊ ያላነሰ ቱቦላሬ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም እነሱ የሚታገሉት ከመጠምዘዝም ጋር ነው።

የኮንክሪት ቋሚ አይዝግም፣ አይበላም፣ ማንም ነቅሎ አይሸጠውም። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም፣ ሰው በማይኖርበት ቦታ ላይ የብረት ቋሚ በሌሊት ሊሄድ ይችላል። በሌላ በኩል 10 በ10 ሆኖ 2 ሜትር ከ25 የሆነው 54 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ በመንገድ ላይ ይሰበራል፣ ጭነቱ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ሲረከቡ አንድ አንዱን አገላብጦ ማየት ነው። ፀጉር የምታህል መሰንጠቅ በመሀሉ ካለች ወይም ፌሮው ጠርዝ ላይ ብልጭ ካለ መልሱት። ውሃ እዚያ ገብቶ ፌሮው ሲዝግ ያብጥና ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል።

እንግዲህ የቱ? ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ የምትጀምሩ ከሆነና ከዚያ በኋላ አጥሩ በግንብ የሚተካ ከሆነ፣ መሀሉን በደረቅ ባህር ዛፍ አድርጉ፣ ማዕዘኑንና በሩን ግን በብረት። ተራ ቋሚ ቢበሰብስ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ቆፍሮ ሌላ መትከል። ማዕዘን ቢበሰብስ ግን የሁለት ጎን ሽቦ ፈትታችሁ፣ ተክላችሁ፣ እንደገና ወጥራችሁ ነው። ሰው ግን ግልባጩን ያደርጋል፣ መሀሉን በብረት ያሳምርና ማዕዘኑን በዚያው ብረት ይጨርሰዋል። እኔን ማለቴ ነው።

ቤርጋው እንዴት ይቆረጥ?

ይቺን ያሳየኝ በያጁ ነው፣ ስንጠግነው። «ጋሼ፣ በፊት በስንት አስቆረጡት?» አለኝ። በሁለት ሜትር አልኩት። ከ6 ሜትር ቤርጋ ሦስት ይወጣል፣ ምንም አይተርፍም፣ ብልህነት ነው ብዬ። ሽቦው 1 ሜትር ተኩል ስለሆነ መሬት የገባው 50 ሳንቲም ብቻ ነበር። በኖራ ጠመኔ ብረቱ ላይ እየጻፈ አሳየኝ።

ቤርጋውን 2.25፣ 2.25 እና 1.50 አድርጋችሁ ቁረጡት። ሁለት ቋሚ ይወጣል፣ 75 ሳንቲም መሬት የሚገባ። የቀረው 1.50 ደግሞ ድጋፍ ነው፣ በትክክል፣ ምክንያቱም በ45 ዲግሪ አንድ ሜትር ከፍታ የሚደርስ ብረት 1 ሜትር ከ41 ሲሆን የቀረው 9 ሳንቲም ኮንክሪት ውስጥ ይቀበራል።

አወዳድሩት። በድሮው መንገድ ለ29 ቋሚ 10 ቤርጋ፣ ለ10 ድጋፍ ደግሞ 3 ቤርጋ፣ ጠቅላላ 13። በአዲሱ 15 ቤርጋ፣ ድጋፉም ከውስጡ ወጥቶ አምስት ቁራጭ ይተርፋል። ልዩነቱ 2 ቤርጋ ነው። በሁለት ቤርጋ እያንዳንዱን ቋሚ 25 ሳንቲም ወደ ታች ታወርዱታላችሁ። እኔ ያኔ ድጋፍ የሚባል ነገር ስላላሰብኩ ለ36ቱም ቋሚ 12 ቤርጋ ገዝቼ «አተረፍኩ» ብዬ ነበር።

ለ7ቱ ከባድ ቋሚ የ60 በ60 ቤርጋ ለሁለት፣ ሦስት ሦስት ሜትር። አራት ቤርጋ ይበቃል፣ አንድ ቋሚ ትርፍ ይሆናል። የበሮቹ 1 ሜትር ይቀበራሉ፣ 2 ሜትር ይወጣሉ። የማዕዘኖቹን 2.50 አድርጉና የቀረችውን ግማሽ ሜትር ከሥሩ እንደ መስቀል አግድም አስበይዱት። ኮንክሪት ውስጥ ሲገባ ቋሚው እንዳይዞርና እንዳይነቀል ይይዘዋል። ግን ቁራጩ ከጉድጓዱ ስፋት እንዳይበልጥ 35 ሳንቲም ላይ አሳጥሩት።

ማገር ወይስ የሚወጠር ሽቦ?

ከላይ አግድም ብረት ወይም እንጨት መኖር አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ማገር አጥሩን ያሳምረዋል፣ ቋሚዎቹን አያይዞ ያቆማቸዋል። ግን በሮቹ ተቀንሰው ለሚቀረው 85 ሜትር 15 ቤርጋ ይፈልጋል፣ ከነብየዳው ሌላ አጥር ልትሉት ትችላላችሁ። ለሌባ ደግሞ መጨበጫና መርገጫ ነው።

በምትኩ 3 ሚሊ ጋልቫናይዝድ ሽቦ ሦስት መስመር፣ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች ብትወጥሩ 255 ሜትር ነው፣ 14 ኪሎ። ከነብክነቱ 16 ኪሎ ግዙ። 15 ቤርጋና 16 ኪሎ ሽቦ፣ ሒሳቡን ለናንተ ትቻለሁ። ይህ የሚሠራው ግን ማዕዘኖቹ የማይነቃነቁ ከሆነ ብቻ ነው። ማዕዘኑ ከላላ ሽቦውም አብሮ ይላላል፣ ያኔ ማገር ያላችሁ ሰዎች ታሸንፋላችሁ።

እኔ ያደረግሁት መሀል መንገድ ነው። ከተረፉት አምስት የ1.50 ቁራጮች አራቱን ሁለት ሁለት አድርጌ አስቀጥዬ በ2.5 አስቆረጥኳቸው፣ በበሩ ግራና ቀኝ ያሉት የመጀመሪያ ክፍተቶች ላይ ብቻ ማገር ሆኑ። በሩ ሲዘጋ ያለውን መነቃነቅ ሁለተኛው ቋሚም ይካፈለዋል። ሌላው ሁሉ ሽቦ ነው። የታችኛውን መስመር አትተዉት። ጅብም ውሻም በግም የሚገቡት ከሥር ነው፣ የላይኛውንማ ሁሉም ያስታውሰዋል።

ሽቦው፣ ማለት ጥቅሉ

የዶሮ ሽቦ ለዶሮ ነው። በዚህ አበቃሁ።

ቀሪው ምርጫ ቼይን ሊንክና የተበየደ መረብ ነው። የተበየደው ቀጥ ያለ፣ የማይለጠጥ፣ አንዱ ቦታ ቢቆረጥ ሌላው የማይፈታ ነው። ግን መሬታችሁ ወጣ ገባ ከሆነ አይታዘዝላችሁም፣ ወይ ከታች ክፍተት ይተዋል ወይ ይጎብጣል። ለደልዳላ መሬትና ለአጭር ፊት ለፊት አጥር ጥሩ ነው። ቼይን ሊንክ ደግሞ ተዳፋቱን ተከትሎ ይሄዳል፣ ይወጠራል፣ ሁለት ጥቅል ሲገናኝ ስፌቱ አይታወቅም፦ ከአንዱ ጫፍ አንዷን ጥምዝምዝ ሽቦ በፒንሳ እያዞራችሁ ታወጡና ሁለቱን ጥቅል አጠጋግታችሁ በመሀል መልሳችሁ እያዞራችሁ ታስገቧታላችሁ። ያው ሌባም ይህን ያውቃል፣ ስለዚህ የእያንዳንዷን ጫፍ አጣጥፉት። ጫፉ ያልታጠፈ ሽቦ ሲሸጥላችሁ ተቀንሶለት ነው።

ለ85 ሜትር የ15 ሜትር ጥቅል 6 ይበቃል፣ 90 ሜትር ይሆናል። መበለጥ ያለው ግን እዚህ ነው።

አንደኛው ውፍረቱ ነው። 50 ሚሊ ቀዳዳ፣ 2.5 ሚሊ ሽቦ ተብሎ 2 ሚሊ ይሰጣችኋል፣ በዓይን አይለይም። በሚዛን ግን ይለያል። 1 ሜትር ተኩል ከፍታና 15 ሜትር ርዝመት ያለው ጥቅል በ2.5 ሚሊ ከሆነ 36 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። በ2 ሚሊ ከሆነ 23 ወይም 24 ኪሎ። ሁለት ኪሎ ወዲህ ወዲያ አትጨቃጨቁ፣ አሥር ኪሎ ሲጎድል ግን የሆነ ነገር አለ። ፕላስቲክ የለበሰውንማ ከነልብሱ አትለኩት፣ ከጫፉ ፋቅ አድርጋችሁ ውስጡ ያለውን ብረት ለኩ።

ሁለተኛው ርዝመቱ ነው፣ እኔን ያስበሉኝ በዚህ ነው። ቼይን ሊንክ እንደ አኮርዲዮን ስለሆነ ሲጎትቱት ይረዝማል። ሻጩ አስፋልት ላይ ዘርግቶ፣ አንዱ ልጅ ከወዲያ አንዱ ከወዲህ ጎትተው፣ «ይኸው 15!» አሉኝ። ተክለን ስንወጥረው 15 ሜትር ለመድረስ ቀዳዳው ጠፍጥፎ ከፍታው ቀነሰ፣ ከታች አንድ ክንድ ያህል ክፍት ሆነ። መለኪያው ቀዳዳውን መቁጠር ነው። ቀዳዳው ትክክለኛ አልማዝ ሆኖ ጎኑ 50 ሚሊ ከሆነ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 7 ሳንቲም ገደማ ይሆናል፣ ስለዚህ በአንድ ሜትር ውስጥ 14 ቀዳዳ ይቆጠራል። 12 ከቆጠራችሁ እየተጎተተላችሁ ነው። ልቀቁት በሏቸውና እንደገና ይለካ።

ሲተከል ደግሞ ሽቦውን ማዕዘን ላይ አታጥፉት። ብዙ ሠራተኛ ጥቅሉን ሳይቆርጥ ዞሮ ይቀጥላል፣ ፈጣን ስለሆነ። ማዕዘን ላይ ጨርሱት። በመጨረሻው የቀዳዳ መስመር ውስጥ ከላይ እስከ ታች 8 ሚሊ ፌሮ አሳልፉና ፌሮውን ከቋሚው ጋር በየ30 ሳንቲም እሰሩት። በሚቀጥለው ጎን አዲስ ጀምሩ። እንዲህ ሲሆን ጉተታው ቋሚው ላይ እኩል ይከፋፈላል፣ የላላው ጎን ኋላ ብቻውን ሊወጠር ይችላል።

በሩ

የ4 ሜትሩን በር አንድ ተከፋች ወይስ ሁለት? ሒሳቡን አንዴ አብረን እንየው። እያንዳንዱ ክንፍ 2 ሜትር ስፋትና 60 ኪሎ ክብደት አለው እንበል። ክብደቱ መሀሉ ላይ፣ ከማጠፊያው 1 ሜትር ርቆ ነው ያለው። ሁለቱ ማጠፊያዎች 1 ሜትር ከ20 ከተራራቁ የላይኛው ማጠፊያ ቋሚውን በ50 ኪሎ ኃይል ወደ ጎን ይስበዋል። አንድ ክንፍ ብቻ ብታደርጉት 4 ሜትር፣ 120 ኪሎ፣ ክብደቱ 2 ሜትር ርቆ፣ ጉተታው 200 ኪሎ። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ሆነ። ያ ደግሞ ቀንም ሌሊትም የማያቋርጥ ነው። ሁለት ክንፍ አድርጉት፣ ማጠፊያዎቹንም በተቻለ መጠን አራርቁ።

ሦስቱ የበር ቋሚዎች እኩል አይደሉም። ዳር ያሉትን ሁለቱን አጥሩ በአንድ በኩል ያግዛቸዋል። በመኪናው በርና በሰው መግቢያው መካከል ያለው ግን ብቻውን ነው፣ ከአጥሩ ጋር የሚያገናኘው ምንም የለም። የእህቴን በር የጣለው እሱ ነው። አሁን ሦስቱንም ከመሬት በታች አገናኝተናቸዋል፦ ከጉድጓድ እስከ ጉድጓድ 30 ሳንቲም ጥልቀት ያለው ቦይ ተቆፍሮ፣ አራት ዘንግ 10 ሚሊ ፌሮ ተዘርግቶ፣ ኮንክሪት ተሞላ። መኪና ከላዩ ይሄዳል። አንዱ ለመዝመም ቢፈልግ ሌሎቹን ይዞ ነው።

መረሬ መሬት ላይ

ዱከም መሬቱ መረሬ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት ያብጣል። እንዲህ ያለ መሬት ቋሚን ወደ ላይ ይገፋል፣ በተለይ ጉድጓዱ ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ። ኮንክሪቱ የእንጉዳይ ቅርጽ ይይዝና አፈሩ ከሥሩ ገብቶ ያነሣዋል። በዶማ ሲቆፈር ደግሞ በተፈጥሮው እንዲያ ነው የሚወጣው። በዲጂኖ ጎኑን ቀጥ አስደርጉ፣ ሥሩን ትንሽ ሰፋ። ከላይ ኮንክሪቱን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ውሃ ወደ ውጭ እንዲፈስ አዝምሙት፣ ቋሚው ሥር ኩሬ እንዳይሆን። ቀይ አፈር ወይም ድንጋያማ ከሆነ ይህን ያህል አትጨነቁ።

ለተራ ቋሚ 30 በ30 ሆኖ 75 ጥልቀት፣ ለከባዱ 40 በ40 ሆኖ 1 ሜትር፣ ለድጋፉ እግር 30 በ30 በ30 ከተቆፈረ ጠቅላላ ኮንክሪቱ 3 ሜትር ኩብ ከ35 ገደማ ነው። በ1 ለ2 ለ4 ቅልቅል 11 ኩንታል ሲሚንቶ ይጠይቃል፣ የበሩን ቦይ ሳይጨምር። ሲሚንቶ ካነሰባችሁ ከተራ ቋሚው ጉድጓድ ላይ 1 ለ3 ለ6 አድርጋችሁ ቀንሱ፣ ከማዕዘኑ ላይ አትንኩ።

ቅደም ተከተሉን ብቻ ልጨምር። መጀመሪያ ሰባቱ ከባድ ቋሚዎች ይተከላሉ፣ በቱንቢ ቀጥ ይላሉ፣ በመሀላቸው ሲባጎ ይወጠራል። ተራዎቹ ሲባጎውን ተከትለው ይገባሉ። ከዚያ ሠራተኛው «ነገ ሽቦ እንወጥር» ይላል፣ የቀን ሂሳቡ ስለሚቆጥርበት። አይሆንም። ኮንክሪቱ ሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ ይቆይ፣ በር እስከዚያ አይሰቀልም። እኛ በሁለተኛው ጊዜ ዘጠኝ ቀን ጠበቅን፣ ዘበኛው ጠዋትና ማታ በጄሪካን ያጠጣው ነበር። ሽቦው ሲወጠር የማዕዘኑን አናት በእጄ ይዤ ቆምኩ፣ ይነቃነቅ እንደሆን። ትርፍ የመጣው የ3 ሜትር ቋሚ እስካሁን ግቢው ውስጥ ተጋድሟል፣ እህቴ ልብስ ታሰጣበታለች።